ሸሪካችን ሲሞት የወራሾቹን ድርሻ እንዴት አስልተን ከፈልን

ኮምቦልቻ ላይ ለሦስት ሆነን የከፈትነው የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለን። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ምስማር እንሸጣለን፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ አይሱዙም አለን። የኅብረት ሽርክና ማኅበር ሲሆን ድርሻችን እኩል ሲሶ ሲሶ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከሦስታችን ታላቅ የነበረው ሸሪካችን በድንገት አረፈ። ባለቤቱንና ሁለት ልጆች ትቶ ነው የሄደው፤ አንዱ ሥራ ይዟል፣ ትንሿ ገና ተማሪ ናት።

የመመሥረቻ ጽሑፋችን «ከሸሪኮቹ አንዱ ቢሞት ማኅበሩ በቀሪዎቹ መካከል ይቀጥላል» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ አድናናለች። በሽርክና ውሉ ላይ ምንም ካልተጻፈ የአንድ ሸሪክ ሞት ማኅበሩን ወደ መፍረስ ይወስደዋል፤ ዕቃው ተሸጦ፣ ዕዳው ተከፍሎ የተረፈውን መካፈል ይመጣል ማለት ነው። የኛ ሦስት ሰው ስለነበር ሁለታችን መቀጠል ቻልን። ሁለት ብቻ ብንሆን ኖሮ አንድ ሰው ብቻውን ሽርክና አይሆንምና ሌላ ሰው ማስገባት ወይም ድርጅቱን ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ ግድ ይለን ነበር። ውላችን ያልመለሰው ግን ወራሾቹ በአባታቸው ቦታ ሸሪክ ሆነው ይገባሉ ወይስ የድርሻውን ዋጋ ብቻ ይወስዳሉ የሚለውን ነበር።

ትልቁ ልጅ መግባት ፈለገ። ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ባሉበት «ጋሼ፣ አባቴ የለፋበት ነው፤ ቦታውን እኔ ልያዝ» አለኝ። ጥያቄው ከልብ ስለነበር በቀልድ አላለፍኩትም። ያሳየሁት የባንክ ብድር ውላችንን ነው። በኅብረት ሽርክና እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር፣ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃል። ባንኩ ከሦስታችን የፈለገውን ይዞ ሙሉውን ዕዳ ሊያስከፍል ይችላል። ልጁ ሸሪክ ሆኖ ቢገባ የሚወርሰው ሱቁን ብቻ አይደለም፤ ወደፊት እኔ የምፈርመው ብድር የእሱን ቤት ሊነካ ይችላል። ወራሽ ሆኖ ዋጋውን ቢወስድ ግን እስከ አባቱ ሞት ድረስ ያለው ዕዳ ከውርሱ ላይ ይቀነሳል እንጂ በራሱ ጥሪት ላይ አይመጣበትም። ለትንሿ እህቱማ ነገሩ ከዚህም የከበደ ነው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያልተወሰነ ኃላፊነት ውስጥ ማስገባት ለእሷ ማሰብ አይደለም። ልጁ ውሉን ሁለት ቀን ወስዶ አነበበውና ዋጋው ይሻለናል ብሎ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለያል፤ መተዳደሪያ ደንቡ ካልገደበው የሟች ድርሻ ራሱ ለወራሾቹ ይተላለፋል፣ እነሱም አባል ይሆናሉ። በሽርክና ግን ሸሪክነት በሰውየው ላይ የተጣለ እምነት ስለሆነ ለመግባት የውል ቃል ወይም የቀሪዎቹ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ወራሹም እሺ ማለት አለበት።

ዋጋው ላይ ስንደርስ ነው ሥራው የመጣው። ሱቁ ለሐዘን ተዘግቶ ነበርና ከመክፈታችን በፊት ቆጠራ አደረግን፤ የሟች ባለቤት ወንድም ቤተሰቡን ወክሎ አብሮን ቆጠረ። ብረቱን በቤርጋ፣ ቆርቆሮውን በጌጅ እየለየን ጽፈን ሁላችንም እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈረምን። ሱቁ ተከፍቶ ሽያጭ ከጀመረ በኋላ ቢሆን ኖሮ በሞቱ ዕለት ምን ነበረ የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት ማለት አይችልም ነበር።

የሒሳብ ባለሙያችን ከመዝገቡ ያወጣው እንዲህ ነበር፦ ዕቃ በተገዛበት ዋጋ 3,600,000 ብር፣ አይሱዙው ከእርጅና ቅናሽ በኋላ 700,000፣ ባንክ ያለ 600,000፣ ከደንበኞች የምንሰበስበው ዱቤ 900,000። ዕዳው የባንክ፣ የመርካቶ አቅራቢዎችና የግብር ሆኖ 3,000,000። የተጣራው 2,800,000፣ ሲሶው 933,000 ብር ገደማ። ወረቀቱ ላይ ስህተት አልነበረም፤ ለወራሽ ግን ፍትሐዊ አልነበረም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ሌላ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተገዛ ብረት በድሮ ዋጋው ቢቆጠር ልዩነቱን የምንበላው እኛ ቀሪዎቹ ነን። አይሱዙውም በመዝገብ ያረጀ ይምሰል እንጂ የሐረጎን ዳገት ዛሬም ጭኖ ይወጣል።

የሟች ባለቤት ወንድም ዕቃው በመሸጫ ዋጋ ይቆጠር አለ። ይህንንም አልተቀበልንም፤ የመሸጫ ዋጋ ገና ያልተሠራ ሥራ፣ ያልተከፈለ ኪራይና ግብር አለበት። የተስማማነው በሞቱ ዕለት ያው ዕቃ እንደገና ቢገዛ በሚያወጣው ዋጋ ነው። ዕቃው 4,800,000 ሆነ፤ አይሱዙውን ሁለት ደላላና አንድ መካኒክ አይተው 2,400,000 አሉት። ከዱቤው ይገባል ያልነውን 600,000 ብቻ ያዝን፤ የቀረው 300,000 በተሰበሰበ ቁጥር ሲሶው ለቤተሰቡ እንዲከፈል ጻፍን። ድምሩ 8,400,000፣ ዕዳው ሲቀነስ 5,400,000፣ የሟች ድርሻ 1,800,000 ብር።

ገንዘቡን ለማን እንደምንከፍል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም፤ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላ ወራሽ ቢመጣ ሁለት ጊዜ መክፈል ይኖራል። ድርሻው በትዳር ውስጥ የተፈራ ስለነበር 900,000 የባለቤቱ የራሷ ነው፤ ይህ ውርስ አይደለም። ቀሪው 900,000 ለሁለቱ ልጆች 450,000፣ 450,000 ሆነ። ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት ከልጆች ጋር ወራሽ አትሆንም፤ ብዙ ሰው ግን ይህን አያውቅም። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈቅደው ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የወሰዱ ቤተሰቦች ክፍፍላቸው ሌላ ነው፤ ለከፋዩ ሸሪክ ግን የሚያሻው በእጁ ያለው የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው።

በአንድ ጊዜ 1,800,000 አውጥተን ቢሆን ሱቁ ባዶ ይቀር ነበር። ስለዚህ 600,000 ቅድሚያ፣ የቀረውን በየሦስት ወሩ 300,000 በአራት ጊዜ ልንከፍል ተዋዋልን፤ ከቀኑ ያለፈ ክፍያ ሕጉ ያስቀመጠውን በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይይዛል። የትንሿን ልጅ ድርሻ በተመለከተ ስምምነቱን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው አቅርበን ገንዘቧ በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ገባ። ከዚያም የመመሥረቻ ጽሑፉን አሻሽለን በሰነዶች ማረጋገጫ አስጸደቅን፣ ንግድ ምዝገባው ላይ የሟችን ስም አስለወጥን፣ ባንክ ያለውን ፊርማ ቀየርን። ምዝገባው ሳይለወጥ ቢቀር ከውጭ ለሚያየው አበዳሪ ሰውየው ገና ሸሪክ ይመስላል።

በተሻሻለው ውል ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረናል፦ ሸሪክ ቢሞት ወራሾቹ ሸሪክ አይሆኑም፤ በሞቱ ዕለት በመተኪያ ዋጋ የተሰላውን ድርሻ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ይወስዳሉ፤ አካለ መጠን የደረሰ ወራሽ ቀሪዎቹ በሙሉ በጽሑፍ ከተስማሙ መግባት ይችላል። በየዓመቱ ሰኔ 30 ላይም የዕቃውን የመተኪያ ዋጋ ሠርተን ሁለታችን እንፈርማለን፤ አንድ ቅጂ በእያንዳንዳችን ቤት ለባለቤቶቻችን ይቀመጣል።