የዘገየ ንግድ ፈቃዴን የት እንደቆመ ያወቅኩበት መንገድ

የባልትና ሥራ ለመጀመር ያስገባሁት የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ ዘግይቶብኝ ነበር። ቤቱን ተከራይቻለሁ፤ ኪራዩ ይቆጥራል። በርበሬው ተቀንጥሶ ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ የሚሰጠኝ መልስ ግን ሁሌም ያው ነው፦ «እህቴ፣ በሂደት ላይ ነው። ሌላ ቀን ብቅ በይ።»

ነገሩን ያንቀሳቀሰው አጠያየቄን መቀየሬ ነው። «ደረሰልኝ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው «አልደረሰም» ማለት ቀላል ነው። ለዚህ መልስ ፋይል መክፈት አያስፈልግም። ስለዚህ ፋይሉ ካልተከፈተ የማይመለሱ ነገሮችን ጠየቅኩ። ማመልከቻዬ አሁን የትኛው ባለሙያ ጋ ነው? ከመቼ ጀምሮ? የጎደለ ሰነድ አለ? ካለ የትኛው?

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ምግብ ነክ ሥራ ሁለት ደጅ ያስጠናል። የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ። ብቃቱ ካልወጣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ደጅ መቆም ጊዜ ማባከን ነው። የእኔ ወጥቶ ነበር። ቅጂውን ከማመልከቻ ቁጥሬ ጋር መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ልጁ ኮምፒውተሩን ከፈተና አየ። «አድራሻው ላይ ጥያቄ አለው። ዝርዝሩን ባለሙያዋ ናት የምታውቀው» አለኝ። ባለሙያዋ ደግሞ ለቁጥጥር ወጥታለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተመልሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ። አጭር ነው፦

«ጉዳዩ፦ የንግድ ፈቃድ ማመልከቻዬ ያለበት ደረጃ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ ቁጥሩ የተጠቀሰውን ማመልከቻ ከነብቃት ማረጋገጫው አሟልቼ አስገብቻለሁ። አድራሻው ላይ ጥያቄ እንዳለ በቃል ተነግሮኛል። ጥያቄው ምን እንደሆነና ምን ማቅረብ እንዳለብኝ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ስሜንና ስልኬን ጨመርኩ፤ ፈረምኩ። ስለ ኪራዩም ስለ ምልልሱም አልጻፍኩም። ብሶት ሲበዛ ጥያቄው ይደበቃል።

ደብዳቤውን ለመስኮቱ ልጅ አልሰጠሁትም። መዝገብ ቤት ወሰድኩት። ሁለት ቅጂ ይዤ ስለነበር አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም አድርገው መለሱልኝ። ይሄ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። ደብዳቤው ኃላፊው ጋ ይገባል፤ ኃላፊው ኅዳጉ ላይ ለማን እንደመራው ይጽፋል። ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤት ገብቶ «ይሄ ቁጥር ለማን ተመራ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚፈለገው ሰው በስም ይታወቃል።

ለባለሙያዋ ነበር የተመራው። አገኘኋት፤ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። የአከራዬ ካርታ ላይ የተጻፈው ቦሌ ክፍለ ከተማ ነው። የእኔ መታወቂያና የኪራይ ውሉ ደግሞ ለሚ ኩራ ይላሉ። ቤቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ለሚ ኩራ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ካርታው የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ቀርቷል። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ውሉ ላይ የተጠቀሰው ቤት ካርታው ላይ ያለው ቤት ስለመሆኑ ማረጋገጫ ሳታገኝ መፈረሟ ተገቢ አይሆንም ነበር፤ በዚህ አልከፋኝም። የከፋኝ ጥያቄው ኮምፒውተር ውስጥ ተጽፎ ሳለ ማንም ለእኔ አለመንገሩ ነው።

«ታዲያ ምን ላምጣ?» አልኳት። ይህን ሳያስጽፉ መውጣት አይገባም። የካርታው አድራሻና አሁን ያለው አድራሻ አንድ ቤት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳው እንዳመጣ ነገረችኝ፤ ለማን እንደሚጻፍም ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አከራዬ ጋሼ ካርታውን ይዘው ወረዳው ድረስ አብረውኝ መጡ። የቤቱ ባለቤት እሳቸው ስለሆኑ የእሳቸው መገኘት ሥራውን አቀለለው። ከመውጣታችን በፊት ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የብሎክና የቤት ቁጥር ከካርታው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ወቅቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 የፈቃድ እድሳት ጊዜ ነው፤ በተለይ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰልፉ ግቢውን ይሞላል። በዚያ ሰሞን አዲስ ማመልከቻ ወደ ኋላ ቢገፋ አይገርምም። ቢሮው ረጋ የሚለው ጥር ሲገባ ነው።

የወረዳውን ደብዳቤ በዚያው በገቢ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጥያቄዬ ጋር አያይዤ አስገባሁ። ፈቃዱ ወጣ። የደብዳቤውን ቅጂ ከኪራይ ውሉ ጋር አስቀምጫለሁ፤ ካርታው እስካልተቀየረ ድረስ በእድሳት ጊዜም ይኸው ጥያቄ ሊነሳ ይችላልና።