ግሬይ ኮድ ብቻውን ከክሪቲካል ሬስ አያድንም

ክሎክ የሌለው ሰርኪዩት ለሚነድፍ ሰው ቶሎ የሚሰጠው ምክር «ስቴቶቹን በግሬይ ኮድ ቅደም ተከተል ደርድር» የሚል ነው፤ በግሬይ ኮድ ተከታታይ ኮዶች የሚለያዩት በአንድ ቢት ብቻ ነው። ምክሩ የሚያናድደኝ ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው። ቀሪውን ግማሽ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ።

የሠራሁት ሰርኪዩት x1 እና x2 ከተባሉ ሁለት ግቤቶች የትኛው ቀድሞ 1 እንደሆነ ይይዛል፤ ሁለቱም ወደ 0 እስኪመለሱም አይለቅም። ሦስት ስቴት ይበቃዋል፦ ሀ ማንም ያልመጣበት፣ ለ x2 የቀደመበት፣ ሐ x1 የቀደመበት። ከእያንዳንዱ ስቴት በየግቤቱ ወዴት እንደሚኬድ የሚያሳየው ፍሎው ቴብል ብዙ አያደክምም፤ በቅንፍ ያሉት የተረጋጉት ናቸው።

```
x1x2   00    01    11    10
ሀ     (ሀ)    ለ     -     ሐ
ለ      ሀ    (ለ)   (ለ)   (ለ)
ሐ      ሀ    (ሐ)   (ሐ)   (ሐ)
```

ጣጣው የሚመጣው ለስቴቶቹ ኮድ ሲሰጥ ነው። በምክሩ መሠረት ስቴቱን የሚይዙት ሁለት ቢቶች y1y2 ለሀ 00፣ ለለ 01፣ ለሐ 11 ይሆናል። አሁን x1 ብቻውን 1 ይሁን። ሰርኪዩቱ ከ00 ወደ 11 መሄድ አለበት፤ ሁለት ቢት በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ሁለት ጌቶች ደግሞ እኩል አይፈጥኑም። y2 ከቀደመ ሰርኪዩቱ 01 ላይ ይደርሳል። 01 የለ ኮድ ነው፤ ለ ደግሞ በ10 ዓምድ የተረጋጋ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። x2 ንቅንቅ ሳይል «x2 ቀድሟል» የሚል መልስ ይወጣል። ክሪቲካል ሬስ ይሄ ነው።

ሁለት ቢት የሚቀየርበት ሁሉ ግን አያስፈራም። በ00 ዓምድ ሐ ወደ ሀ ሲመለስ ከ11 ወደ 00 ይሄዳል፤ መንገድ ላይ 01ን ቢረግጥም ለ ራሱ በዚያ ዓምድ ወደ ሀ ይመራል። ባለቤት የሌለው 10ም ወደ ሀ እንዲመራ ከተደረገ ማንም ቢቀድም መድረሻው አንድ ነው። ስለዚህ ዓይኔን የምጥለው ከአንድ በላይ የተረጋጋ ስቴት ባለባቸው ዓምዶች ላይ ነው።

ሲሙሌሽንም አይታመንም። ለጌቶቹ ሁሉ እኩል መዘግየት ከተሰጠ ሁለቱ ቢቶች አብረው ይገለበጣሉ፤ ስህተቱም ይደበቃል። ለy1 5 ናኖሰከንድ፣ ለy2 15 ስጡ፤ ከዚያ አገላብጣችሁ ድገሙ። በቦርድ ላይ ደግሞ ቺፕ ሲቀየር ወይም የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ፊድባኩን ሲነካ የሚጠፋ ስህተት ካያችሁ ሬስን ጠርጥሩ፤ ፕሮቡ ራሱ ትንሽ ካፓሲታንስ ስለሚጨምር አሸናፊውን ይቀይረዋል።

በy2 ፊድባክ ላይ መዘግየት ጨምሮ y1ን ማስቀደም የሚመክሩ አሉ። እኔ አላደርገውም፤ መዘግየት ከሙቀትና ከቮልቴጅ ጋር ይለዋወጣል። ኮድ ከመስጠቴ በፊት የትኛው ስቴት ወደ የትኛው እንደሚሄድ በመስመር እስላለሁ። እዚህ መስመር ያለው በሀና በለ፣ በሀና በሐ መካከል ብቻ ነው፤ በለና በሐ መካከል ምንም የለም። ግሬይ ኮዱ የተከተለው የረድፎቹን አደራደር እንጂ ሽግግሮቹን ስላልነበረ ለንና ሐን ያለ ምክንያት አጎራበተ። ሀ 00፣ ለ 01፣ ሐ 10 ሲሆኑ እያንዳንዱ ሽግግር አንድ ቢት ብቻ ይቀይራል። Y1 እና Y2 የy1 እና የy2 ቀጣይ ዋጋዎች ሲሆኑ እኩልታዎቹ እነዚህ ናቸው።

```
Y1 = x1·x2'·y2' + x2·y1·y2' + x1·y1·y2'
Y2 = x2·y1' + x1·y1'·y2
```

የY1ን ሦስተኛ ተርም ማሳጠሪያ ሶፍትዌር «ትርፍ ነው» ብሎ ያወጣዋል። አታስወጡት። ሰርኪዩቱ ሐ ላይ እያለ x2 ወደ 1 ሲወጣ የመጀመሪያው ተርም ሁለተኛው ሳይነሳ ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት y1 ከወደቀ ቀዳሚነቱ ለx2 ይተላለፋል።

ማንም ያልያዘው 11ም «እንደፈለገ ይሁን» ተብሎ አይተውም። ከተተወ ከY1 ሁለተኛና ሦስተኛ ተርሞች y2'፣ ከY2 ሁለተኛ ተርም ደግሞ y1' ይወጣሉ፤ እኩልታዎቹ ያጥራሉ። ነገር ግን x1 1 እስከሆነ ድረስ 11 የተረጋጋ ይሆናል፤ ኃይል ሲበራ እዚያ የተገኘ ሰርኪዩት ሁለቱም እንዳሸነፉ ይናገራል።

x1 ሲለቀቅ x2 ገና 1 ከሆነ ሐ በቀጥታ ወደ ለ ይሂድ ከተባለ ሦስቱም ጎረቤት መሆን ይኖርባቸዋል። ይሄ አይቻልም፦ እያንዳንዱ የአንድ ቢት ለውጥ የ1ዎችን ብዛት ከጎዶሎ ወደ ሙሉ ወይም ከሙሉ ወደ ጎዶሎ ስለሚቀይር በሦስት እርምጃ ወደ መነሻ መመለስ የለም። ያኔ 11ን መሸጋገሪያ አድርጌ በ01 ዓምድ ሐን ወደ 11፣ 11ን ወደ ለ እመራለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግቤቶቹ አንድ በአንድ፣ ሰርኪዩቱ ከተረጋጋ በኋላ ሲቀየሩ ነው። x1 እና x2 ከጌት መዘግየት ባነሰ ልዩነት ከመጡ ሰርኪዩቱ መካከል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ይህን የሜታስቴቢሊቲ ችግር የትኛውም የኮድ አሰጣጥ አያስወግደውም።