የ180 ብሯ አንቀጽ

ዛሬ ለጀማሪ አካውንታንት ቦታ የማመልከቻ ኢሜይል ላክሁ። አንዷ አንቀጽ ብቻ ሦስት ማታ ፈጅታብኛለች።

መጀመሪያ "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ" ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቀጥሎ የመመረቂያ ጽሑፌን ረጅም ርዕስ እንዳለ ገለበጥኩ። ከሥሩ ደግሞ ለብቻው፣ የሰፈራችንን እድር ሒሳብ በበጎ ፈቃድ እንደማግዝ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ምን መሥራት እንደምችል አንድም ቦታ አይናገርም።

ከዚያ ጥናቱን ራሱን አሰብኩት። ሦስት የቁጠባና ብድር ማኅበራት ጥሬ ገንዘብ እንዴት እንደሚይዙ ነው ያየሁት። በአንዱ ውስጥ ገንዘብ የሚቀበለው፣ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረውና ባንክ የሚያስገባው አንድ ሰው ነበር። ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ቢሳሳት የሚያይለት ሌላ ዓይን የለም። እድራችንም ልክ እንደዚያው ነበር! ሁለቱን በተለያየ አንቀጽ መጻፌ ነው ስህተቱ።

አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ የእድሩን መዝገብ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ሳስታርቅ መዝገቡ በ180 ብር አነሰ። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ነው፣ ቀሪ የለውም። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአሃዝ ቦታ መለዋወጥ ነው። ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ወረቀቱን ማየት ግድ ነው። የባንክ ማስገቢያ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። የየካቲቱ 4,860 ይላል። መዝገቡ ላይ 4,680 ተጽፏል።

አዲሱ አንቀጽ ይህንኑ ተናገረ። በጥናቴ ያየሁትን ክፍተት፣ በእድሩ ልዩነቱን እንዴት እንዳገኘሁት፣ ከዚያ በኋላ ተቀባይና መዝጋቢ እንዲለዩ ሐሳብ ማቅረቤን። የእድር መዝገብ ገቢና ወጪ ብቻ ስለሆነ፣ የእርጅና ቅናሽና ተጨማሪ እሴት ታክስ በክፍል ውስጥ ብቻ እንደሠራሁም አልደበቅኩም። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌርም በመልመጃ ብቻ ነው የማውቀው፣ እንደዚያው ጻፍኩት። በኢሜይሉ ርዕስ ላይ የሥራ መደቡንና የማስታወቂያውን ቁጥር አስቀመጥኩ።

ከመላኬ በፊት ግን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ማህተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኛል፤ ደግሞ ቁጥሩን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቀስኩ ነግሬ አንቀጹን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ጻፊው ልጄ" አሉኝ። "ግን ገንዘቡ እንዳልጎደለ አልጻፍሽም።"

እውነታቸውን ነው። ባንክ የገባው ሙሉ ነበር፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ብቻ ነው። ቤት ተመልሼ "የጎደለ ገንዘብ አልነበረም" የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩና ላክሁት።