አንድ አይሱዙ፣ አንድ ሰርግ፣ አንድ ግቢ

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ 92 ገጽ ነበር። አንድ አባት ልጁን ለመዳር ይበደራል። ብድሩን ለመክፈል አይሱዙውን ሌት ተቀን ያሠራል። የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነው። በሰርጉ ሌሊት መኪናው ይገለበጣል።

ስጽፈው ግን እጄን ማን ይዞኝ! አባይ በረሃ ላይ የሚገለበጥ አይሱዙ፣ 150 እንግዳ ያለበት ሰርግ፣ መርካቶ ያለ ሱቅ፣ ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ። ስቆጥረው 19 ቦታ ሆነ። በእጃችን ያለው ብር 400 ሺህ። ፕሮዲውሰር የሆነው ጓደኛዬ አንብቦ ሲጨርስ፣ “አይሱዙውን አንዴ ብንገለብጠው እኛም አብረን ተገለበጥን” አለኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ገጽ መቀነስ ነው። 92ቱን 74 አደረስኩት። ወጪው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ቦታዎቹ እዚያው 19 ናቸው። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ የመርካቶ ትዕይንት እንኳ ዕቃ መጫን፣ መንገድ መዘጋጋት፣ ማውረድ፣ መብራት መትከል አለባት። ግማሽ ቀን ትበላለች። ከዚያ በኋላ ገጽ መቁጠሬን ትቼ፣ ስንት ጊዜ ዕቃ ጭነን እንደምንነሳ መቁጠር ጀመርኩ።

አክስቴ ሰፊ ግቢ አላት። ዋናው ቤት፣ ሁለት ሰርቪስ፣ ማድ ቤት፣ አንድ የሎሚ ዛፍ። እያንዳንዱን ትዕይንት እያነሳሁ “እዚህ ማን ምን ያውቃል?” ብዬ ጠየቅኩ። አባትየው መርካቶ ሱቅ ውስጥ የሚያውቀው አበዳሪው መታገስ እንዳቆመ ነው። ታዲያ አበዳሪው ራሱ ለምን ግቢው ድረስ አይመጣም? መጣ። እንዲያውም ሴቶቹ ጤፍ እያበጠሩ ስለሚሰሙት ትዕይንቱ ከበፊቱ ከበደ።

ሰርጉ አስቸገረኝ። 150 ሰው ማለት 150 ምሳ ነው። ዓርብ ከዋለ ደግሞ የጾምና የፍስክ ለየብቻ። ትራንስፖርት አለ፤ ከሁሉ የባሰው ግን በማግስቱ ግማሹ አይመለስም፣ የተመለሰውም የትናንቱን ልብስ አይለብስም። ስለዚህ ሰርጉን ራሱን አወጣሁትና ማግስቱን ጻፍኩ። ንጋት ላይ አራት ሴቶች የእድሩን ድስት በአመድ እያሹ ያጥባሉ። ሁለት ወንዶች ድንኳን ይነቅላሉ። መሬቱ ላይ የተረገጠ ቄጤማ አለ። ያልታጠበ ብርጭቆ መደዳውን ተደርድሯል፤ ሰው የሚቆጥር ብርጭቆውን ይቁጠር። ሁሉም ነገር ከእድር የመጣ ስለሆነ የከፈልነው ለማጓጓዣ ብቻ ነው።

አይሱዙው ይቀራል። ሁለተኛው ረቂቅ ላይ አደጋውን በስልክ አስነገርኩት። ጓደኞቼን ሰብስቤ ጮክ ብለን ስናነበው ነገሩ የሬዲዮ ድራማ ሆነ፤ ሁሉም ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ “ምን? መቼ? የት?” ይላል። በየትዕይንቱ ሰዎች ስለማናየው ነገር ብቻ ካወሩ፣ የቆረጥኩት ወጪውን ሳይሆን ፊልሙን ነው።

ያዳነኝ አንድ ዕቃ ነው። ድስት አጣቢዎቹ መሀል አንድ የማይታወቅ ጎረምሳ የግቢውን በር ገፍቶ ይገባል። በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምንም ሳይናገር ለአባትየው ይሰጠዋል። አባትየው ሲፈታው ጭቃ የያዘ፣ መሀሉ ላይ የታጠፈ አረንጓዴ ኮድ 3 ታርጋ ነው። እጥፋቱ ቁጥሩን ስለዋጠው የመኪና ቁጥር መፍጠርም አላስፈለገንም። አንድ ላሜራ ሠራተኛ በ600 ብር ሠራልን። አባትየው ታርጋውን ተቀብሎ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃውን በነጠላው መጥረግ ነው። ይህን ስጽፍ አይሱዙው እንደማያስፈልገኝ አወቅኩ።

አንድ ግቢ ላይ መተማመን የራሱ ጣጣ አለው። በአራተኛው የቀረጻ ቀን ከግቢው ጀርባ ብረት መቁረጥ ተጀመረ፤ ድምፅ ባለሙያችን ማዳመጫውን አውልቆ ተቀመጠ። ቦታውን ቅዳሜ ሄጄ ነበር ያየሁት፤ ብረት መቁረጫው ቤት የሚሠራው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የቀን ንግግሮቹን ወደ ማለዳና ወደ ማታ አዛወርኩ። የብረት መቁረጫው ባለቤትም ለአንዳንድ ቀረጻ ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲያቆምልን በገንዘብ ተስማማን፤ ይህ በጀቱ ውስጥ አልነበረም። ሌላው ደግሞ ግቢው ቶሎ ያሰለቻል። አንዷን ሰርቪስ እስከ መጨረሻው አስዘግቼ አቆየኋት። የወንድምየው ክፍል ናት፤ የምትከፈተው ታርጋው ከመጣ በኋላ ነው።

ከ19ኙ ቦታ ሦስት ቀረ፤ ግቢው፣ በሩ ፊት ያለው መንገድና አንድ ሻይ ቤት። ቀረጻው በ11 ቀን አለቀ። ፖሊስ ጣቢያውን ግን አልቻልኩትም። የደንብ ልብሱም ቦታውም ፈቃድ ይፈልጋል፤ እዚያ የሚሆነውን ወደ ግቢው የማመጣበት መንገድ አጣሁለት። ፊልሙ ውስጥ አሁንም የስልክ ጥሪ ሆኖ አለ፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ውሃ ልጠጣ ብዬ እነሳለሁ።