ጠርዙ ላይ ያለችው መስመር

ደንበኛዬ ዛሬ የላክሁላትን፣ በኮምፒውተር በ3ዲ የሠራሁትን የወጥ ቤት ምስል አየችና «ያምራል፣ ግን ፕላስቲክ ይመስላል» አለችኝ። ብርሃኑ ልክ ነው። የእንጨቱ ማቴሪያልም ጥሩ ነው። ታዲያ ምኑ ነው?

ጠረጴዛውን አቅርቤ አየሁት። ከአርክቴክቱ የመጣው ሞዴል ጠርዙ ፍጹም ስል ነው። ሁለት ገጾች በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ፣ በቃ። እውነተኛ ጠረጴዛ እንዲህ አይደለም። አናጢው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፤ የቀረውን ደግሞ የሰው እጅ ይጨርሰዋል። ያቺ ትንሽ ክብነት የመስኮቱን ብርሃን ትይዝና ቀጭን ብሩህ መስመር ትሠራለች። ዓይናችን ዕቃውን የሚያምነው በእሷ ነው።

ጠርዙን የሚያለሰልስ 2 ሚሊሜትር ቤቭል ሰጠሁት። ካሜራውንም ከ170 ወደ 120 ሴንቲሜትር አወረድኩት፤ ጠርዙ ከመስኮቱ ፊት ለፊት እንዲታይ። ኮምፒውተሩ ምስሉን ሬንደር አድርጎ ሲጨርስ መስመሯ ከዳር እስከ ዳር ወጥታለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደንበኛዬም «አሁን እንጨት ሆነ» አለች።

ሲበዛ ግን ያበላሻል። 1 ሴንቲሜትር ቢሰጡት ጠረጴዛው ሳሙና ይመስላል። ሩቅ ያለ ዕቃ ላይ ደግሞ ክብነቱ ከአንድ ፒክሰል ስለሚያንስ አይታይም፤ ፋይሉን ማክበድ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራው አጠገብ ላሉት ዕቃዎች ብቻ ነው የምሰጠው።