አንድ ጎል ቢሰረዝ ምን ይፈርሳል?

ለልብ ወለዴ አንድ ስፖርት ፈጥሬ ሕጉን ከጻፍኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሕጉ ሁለት ገጽ ሞላ፤ ታሪኩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ መጻፉን ለጊዜው ተውኩና የሃሪ ፖተርን ሦስተኛ መጽሐፍ፣ እርሳስ ይዤ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ነጥብ እየመዘገብኩ እንደገና አነበብኩት።

በመጽሐፉ ጠንቋዮች በመጥረጊያ ላይ እየበረሩ በሚጫወቱት ኩዊዲች አንድ ጎል 10 ነጥብ ነው። ስኒች የምትባለውን ትንሽ ወርቃማ ኳስ የያዘ ፈላጊ ግን ለቡድኑ 150 ነጥብ ያስገኛል፤ ጨዋታውም በዚያው ያበቃል። ይህን ሕግ ለረጅም ጊዜ እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር፤ የሌሎቹን ስድስት ተጫዋቾች ድካም ከንቱ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበርና። ሐሳቤን የለወጥኩት ሂሳቡን ስሠራ ነው።

የዋንጫው ባለቤት የሚለየው በየጨዋታው በተጠራቀመ ነጥብ ነው፤ ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊት ደግሞ ተጋጣሚው ስሊዘሪን የሃሪን ቡድን ግሪፊንዶርን በ200 ነጥብ ቀድሟል። ስለዚህ የግሪፊንዶር አምበል ዉድ ሃሪን ከ50 ነጥብ በላይ ሳይመሩ ስኒችን እንዳይዝ ደጋግሞ ያስጠነቅቀዋል። ስኒችን አሳድዶ ለመያዝ የተመረጠው ልጅ አሁን መታገሥ አለበት። እንዲያውም ስኒችን አይቶ፣ ተቀናቃኙ ማልፎይ እንዳያያት ሲል ሆን ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይበራል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ውጤቱ 70 ለ20 የሆነበት ቅጽበት ነው። ልዩነቱ ልክ 50 ነው። ሃሪ ያኔ ስኒችን ቢይዝ 150 ተጨምሮበት 200 ይሆናል፤ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ይወጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ አጥቂዋ አንጀሊና ወደ ጎል ስትገሰግስ፣ ሃሪ ማልፎይን መጠበቁን ትቶ የሚያግዷትን ተጫዋቾች በትኖ መንገድ ይከፍትላታል። ታገባለች፤ 80 ለ20። ሃሪ ዞር ሲል ግን ማልፎይ ስኒችን አይቶ ቁልቁል እየተወረወረ ነው። አንዱን ጥቅም ለማግኘት ሌላውን ክፍት መተው ነበረበት፤ ይህን ምርጫ ያመጣው ሕጉ ነው። ሃሪ ደርሶ ስኒችን ይይዛል፤ ዋንጫውም በ10 ነጥብ፣ ማለትም በዚያች አንዲት ጎል ብልጫ፣ የግሪፊንዶር ይሆናል።

በአራተኛው መጽሐፍ ይኸው ሕግ ሌላ ሰው ያሳየናል። በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ የቡልጋሪያው ክሩም ቡድኑ 170 ለ10 እየተመራ ስኒችን ይይዛል፤ 170 ለ160 ይሸነፋሉ። እንደማይደርሱባቸው ገብቶት ሽንፈቱን በራሱ እጅ የዘጋ ኩሩ ሰው ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ ወደ ራሴ ረቂቅ ተመለስኩ። በእኔ ጨዋታ ኳሱን የያዘ ሰው መናገር አይፈቀድለትም። ይህን ሕግ ሰርዤ ምዕራፉን ሳነበው ምንም አልጎደለም፤ ችግሩ እዚህ ነበር። አሁን እንደገና እየጻፍኩት ነው፦ ኳሱ በታላቅ እህቷ እጅ እያለ ታናሽዬዋ ወደ ተቀናቃኞቹ ወጥመድ ትሮጣለች። ታላቅየዋ ከተጣራች ጨዋታው ያልቃል። ትጣራ ወይስ ዝም ትበል፣ ገና አልወሰንኩም።