ዜማው አንድ ቦታ የቆመው ሙዚቃ፦ ከፊልም የሰማሁትን ክላሲካል ስሙን ያገኘሁበት መንገድ

ክላሲካል ሙዚቃ በጆሮ መለየት እየተለማመድኩ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ የበለጠ ስላስተማረኝ ዘርዘር አድርጌ ላካፍላችሁ።

ፊልሙን ያየሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በፍላሽ የተቀበልኩትና ተራኪ በአማርኛ የሚያወራበት ቅጂ ነው። ርዕሱ ተቀይሯል፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው የስም ዝርዝርም ተቆርጧል። ታሪኩ ስለሚንተባተብ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ጦርነት ሲታወጅ በሬዲዮ ለሕዝቡ ይናገራል፤ ከንግግሩ ሥር ደግሞ ኦርኬስትራ ቀስ ብሎ ይጀምርና እያደገ ይሄዳል። እኔ የፈለግሁት የዚያን ሙዚቃ ስም ነው።

ታሪኩን ኢንተርኔት ላይ ጽፎ የፊልሙን ርዕስ ማግኘት እንደሚቻል አውቃለሁ። ያንን ግን ለማረጋገጫ አስቀመጥኩት። አብዛኛውን ጊዜ እጃችን የሚገባው ርዕስ የሌለው ቁራጭ ቪዲዮ ስለሆነ፣ ጆሮና ወረቀት ብቻ ይዤ የት እንደምደርስ ማወቅ ፈለግሁ። ሙዚቃ የሚለዩት የስልክ አፖችም እዚህ ላይ ብዙ አይረዱም። እነሱ የሚያመሳስሉት የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ካስቀመጡት ቅጂ ጋር ነው፤ ተራኪው ባወራ ቁጥር ደግሞ ሙዚቃው ዝቅ ስለሚልና ድምፁ ስለሚደባለቅ የሚይዙት ነገር ያጣሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሰማሁትን ጻፍኩ። ዜማውን ሳንጎራጉረው የገረመኝ ነገር፣ የሚንጎራጎር ዜማ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ ድምፅ እየተደጋገመ ይቆማል፣ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ጎረቤቱ ድምፅ ፈቀቅ የሚለው። ያለው ምት ነው፦ ዳም፣ ዳ-ዳ፣ ዳም፣ ዳም። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ከዚያ ሁለት ረጅም። ይህ ምት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለቅም።

ዜማ መፈለጊያዎች እዚህ ላይ ለምን እንደሚያቅታቸው ላሳያችሁ። ዴኒስ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በፈረንጆቹ 1975 ባሳተመው የዜማዎች ማውጫ አንድ ቀላል ዘዴ አስተዋውቋል። የመጀመሪያው ድምፅ በኮከብ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ድምፅ ካለፈው ከፍ ካለ u፣ ዝቅ ካለ d፣ ከተደገመ r ይጻፍለታል። የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ያ ሁሉም የሚያውቀው መክፈቻ በዚህ ዘዴ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
*rrdurrd
```

ሙዚፒዲያን የመሳሰሉ መፈለጊያዎች ይህን ይቀበላሉ፤ ዜማው ወጣ ገባ የሚል ከሆነም በደንብ ይሠራሉ። የእኔ ሙዚቃ ግን አጀማመሩ ይህን ይመስላል፦

```
*rrrr
```

በአንድ ድምፅ ላይ የሚቆም ዜማ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የሚመጣላችሁ ዝርዝር ከዘፈን እስከ ማርሽ ሁሉንም ያካትታል። ዘዴው የድምፁን ርዝመት ስለማይመዘግብ፣ የዚህ ሙዚቃ ዋና ምልክት የሆነው ምት ጭራሽ አይገባበትም። የዜማው ቅርጽ ምንም ካልነገራችሁ የቀረው መንገድ ማን እንደሚጫወተው፣ መቼ እንደሚገባና ምን እንደሚጨምር ማዳመጥ ነው።

ለዚህ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ያንኑ ክፍል ደጋግሜ ሰማሁ፤ በእያንዳንዱ ዙር የምከታተለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዴ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ፣ አንዴ ቀጭኑን ብቻ፣ አንዴ ትንፋሽ መሣሪያዎች አሉ ወይ የሚለውን ብቻ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለመያዝ ከሞከራችሁ ምንም አትይዙም። እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሲጀምር ወፍራም የክር መሣሪያዎች ብቻ ናቸው፣ በጣም ዝግ ብለው። ከዚያ ያው ምት ወደ ቀጠን ያሉ ክሮች ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ አዲስ ዜማ፣ ረጅምና የሚፈስ፣ ይቀላቀላል። ቀጥሎ ሁለቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። በመጨረሻ ትንፋሾቹና ቲምፓኒ የሚባለው ትልቁ ከበሮ ገብተው ኦርኬስትራው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን አካሄድ ያውቀዋል። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቃል ብቻ ይባላል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ይገባበታል፤ ዜማው ያው ሆኖ የሚለብሰው ይጨምራል። ይህን አስቤ ነው «ዜማው አይለወጥም፣ ልብሱ ነው የሚለወጠው» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት። ይህም ፍለጋውን አጠበበው፦ በመደራረብ የሚያድግ ሙዚቃ ነው ማለት ነው።

ባሕር ዳር ቫዮሊን የሚያስተምር አንድ ጋሼ አለኝ። የሙዚቃውን ስም እንዳይነግረኝ አስቀድሜ አስጠንቅቄ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያው ላይ ቫዮሊን ያለ አይመስለኝም።»

«ልክ ነህ፣ የለም። ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ናቸው። አሁን ደግሞ የሌለውን ጻፍ። ትሮምቦን ሰምተሃል? ሃርፕስ?»

አልሰማሁም። ይህ ምክር ወርቅ ነው። የሌለውን መጻፍ ዘመኑን ይጠቁማል። በኋለኛው የሮማንቲክ ዘመን እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የደረሰ ኦርኬስትራ ብዙውን ጊዜ ትሮምቦኖቹን ይጨምራል። ክሮች፣ ትንፋሾች፣ ትራምፔትና ቲምፓኒ ብቻ ሆነው ይህን ያህል ክብደት ካመጡ፣ ከሃይድን እስከ ሹበርት ያለውን ጊዜ መጠርጠር ተገቢ ነው። እርግጥ ይህ ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በዚያ ዘመንም ትሮምቦን ያለበት ሲምፎኒ አለ።

ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። የባርበር አዳጆ የፊልም ሐዘን ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ነው፤ ነገር ግን ክር ብቻ ነው፣ እንዲህ በእግር የሚረገጥ ምትም የለውም። የግሪግ «የኦሴ ሞት»ም እንደዚሁ ክር ብቻ፣ ያውም ድምፃቸው የታፈነ ክሮች ናቸው። ከሁሉ ያስቸገረኝ የሹበርት «ሞትና ልጃገረድ» የተባለው ኳርቴት ሁለተኛው ክፍል ነው። እዚያም አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ምት አለ፣ እዚያም ድምፁ አንድ ቦታ ይደጋገማል፣ ሐዘን የሚያሰማው ማይነር ቅኝትም ነው። የሚለያቸው ሁለት ነገር ነው። የሹበርቱ ከረጅም-አጭር-አጭር ወደ ሌላ ረጅም-አጭር-አጭር ይቀጥላል፤ የእኔው ግን በየመሐሉ ሁለቱን እኩል እርምጃ፣ ዳም ዳም፣ ያስገባል። በዚያ ላይ ኳርቴት አራት ሰው ነው፣ ደብል ቤዝ የለውም። የፊልሙ ሙዚቃ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ወፍራም ድምፅ ከቼሎ በታች ይወርዳል።

ከዚያ ወደ ቤትሆቨን ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ማጥሪያ አለ። ዘጠኙን ሲምፎኒዎች ብትወስዱ፣ መካከል ላይ ከሚገኙት ዝግ ያሉ ክፍሎች ውስጥ በማይነር የተጻፉት ሁለት ብቻ ናቸው፦ የሦስተኛው የቀብር ማርሽና የሰባተኛው ሁለተኛ ክፍል። የቀረው ሁሉ ሜጀር ነው። የሦስተኛው ማርሽ ገና ሲጀምር ዜማውን የሚይዘው የመጀመሪያው ቫዮሊን ነው፤ ጋሼ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቫዮሊን እንደሌለ አረጋግጦልኛል። ሰባተኛውን ከፈትኩት፤ ዳም፣ ዳ-ዳ፣ ዳም፣ ዳም።

ሰባተኛው ሲምፎኒ ኦፐስ 92 ነው፤ በፈረንጆቹ 1811 እና 1812 ተጽፎ ዲሴምበር 8 ቀን 1813፣ ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ኮንሰርቱ በሃናው ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች እርዳታ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አድማጩ ያን ቀን ይህን ክፍል ድገሙልን ብሎ አስደግሟል።

ጆሮ ስለመሰለው ብቻ አላቆምኩም። ኖታው ኢምስልፕ የተባለ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስለሚገኝ ስልኬ ላይ አውርጄ ከማስታወሻዬ ጋር አስተያየሁ። መክፈቻው ላይ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ባሱንና ሆርን አንድ የኤ ማይነር ኮርድ ይነፋሉ፤ ጠንከር ብሎ ይጀምርና እየከሰመ ይሄዳል። የእኔ ቅጂ ላይ ይህ ኮርድ በተራኪው ድምፅ ተውጦ ኖሮ አልጻፍኩትም፤ አሁን ሳዳምጥ ግን ከክፍሉ መታወቂያዎች አንዱ ይኸው ነው ብያለሁ፣ መዝጊያውም ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከሦስተኛው ባር፣ ማለትም ከሦስተኛው የምት ክፍል፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ምቱን ይጀምራሉ፤ ዜማው «ሚ» ላይ ይቆማል። ጭብጡ ሃያ አራት ባር ይወስዳል፤ ስምንት፣ ሌላ ስምንት፣ ከዚያ ያው ስምንት ድምፁ ይበልጥ ለስለስ ብሎ ይደገማል። ቀጥሎ ሁለተኛ ቫዮሊኖች ሲረከቡት ያ የሚፈሰው ዜማ በቪዮላና በቼሎ ይገባል። ሦስተኛው ዙር የመጀመሪያ ቫዮሊኖች፣ አራተኛው መላው ኦርኬስትራ። ማስታወሻዬ ላይ ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ተገኘ።

አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ፤ ፍጥነቱ። ቤትሆቨን «አሌግሬቶ» ብሎ በደቂቃ 76 ምት አስቀምጦለታል፣ ይህም የእርምጃ ያህል ነው። ፊልሙ ውስጥ ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው የሚሄደው። በፍጥነት ብቻ የሚያመሳስል ሰው ፈጠን ያለውን ቅጂ ሲሰማ «ይህ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ምቱንና የመሣሪያዎቹን ተራ ይዛችሁ ፍጥነቱን ለቀቅ አድርጉት።

የፊልሙን ርዕስ የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ 2010 የወጣው «ዘ ኪንግስ ስፒች» ነው። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ዴስፕላ ነው፤ አልበሙ ላይም ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ ለትዕይንቱ የወጣለት ርዕስ፣ ከዚያ በቅንፍ የሲምፎኒው ስም ተጽፎለታል። የትዕይንቱን ርዕስ ብቻ ያየ ሰው ሙዚቃውን በቀላሉ ለዴስፕላ ይሰጠዋል። ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈና ከፊልሙ በፊት የነበረ ሙዚቃን ለመለየት እኔ የማየው፣ ካሜራው ሲቀየር ሙዚቃው አብሮ ይታጠፋል ወይስ የራሱን መንገድ ይጨርሳል የሚለውን ነው። እዚህ ንጉሡ ቢያቆም፣ ቢተነፍስ፣ ቢንተባተብ፣ ስምንት ስምንቱ ባር መስመሩን ጠብቆ ይሄዳል፤ ትዕይንቱ ነው በሙዚቃው ላይ የተሰፋው።

ከንግግሩ በኋላ የሚመጣውንም በዚሁ ዘዴ ሞክሬዋለሁ። ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ ሜጀር፣ የታፈኑ ቫዮሊኖች መዝሙር የመሰለ ዜማ ይዘዋል፣ ደብል ቤዙ በጣት ይነቀላል፣ ከዚያ ፒያኖ ብቻውን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ፒያኖና ኦርኬስትራ ስለሆነ ኮንሰርቶ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ዝግ ያሉ የቤትሆቨን ኮንሰርቶ ክፍሎችን ሳዳምጥ አምስተኛው፣ «ኤምፐረር» የሚባለው፣ ሁለተኛ ክፍሉ ሆኖ ተገኘ። ይህኛው ብዙ አልፈጀብኝም።